በሁለት ጥቁር ድንጋይ መካከል ያለው ቀይ ንብርብር

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለወጣት መሐንዲሶችና ለወረዳ የመስኖ ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀይ መስመር ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። መንገድ ሲሠራ ኮረብታ ተቆርጦ በቀረበት ቦታ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከታችም ጥቁር ድንጋይ አለ። መሃላቸው ላይ ግማሽ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ቀይ ለስላሳ ነገር ይታያል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሲረጥብ ደግሞ ያሙለጨልጫል።

በጎጃም ደጋ ላይ ግድብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከጥቁሩ ድንጋይ ይልቅ ለዚህ ቀይ ንብርብር ቢጨነቅ ይሻለዋል። ውሃ በስንጥቅ ማፍሰሱ፣ የመሠረቱ መድከም፣ የሐይቁ ዳር መንሸራተቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። እዚህ አገር ግን ሦስቱም ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ከዚያው ቦታ ነው።

ቀይ ንብርብሩ ከየት መጣ? የጎጃምን ደጋ የሸፈነው ባዛልት በአንድ ቀን የፈሰሰ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ ደጋግሞ ፈሰሰ። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ረጅም ጊዜ ያልፍ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድንጋዩ ላዩ በስብሶ አፈር ይሆናል። ዝናብ ይዘንብበታል፣ ሣር ይበቅልበታል። ከዚያ አዲስ ላቫ መጥቶ ይሸፍነዋል። የታችኛው አፈር በሙቀቱ ተጠብሶ ቀይ ሆኖ ይቀራል። የቾቄ ተራራም በዚሁ ባዛልት ላይ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፍሰት በፍሰት እየተደረበ ያደገ እሳተ ገሞራ ነው።

አንዱን ፍሰት ብቻ ነጥለን እንየው። መሃሉ ጠንካራ ነው። ሲቀዘቅዝ ስለተኮማተረ ግን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው የወረዱ ስንጥቆች አሉት። ዓምድ ዓምድ ሆኖ የቆመ ገደል ስታዩ ያ ነው። የፍሰቱ ላይኛው ክፍል ሌላ ነው። በጋዝ አረፋ የተበሳሳ፣ የተሰባበረ፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ይመስላል። ከዚያ በላይ ቀዩ አፈር ይመጣል፤ ከእሱ በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ፍሰት።

ስለዚህ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቀዩ ሸክላ ጋ ሲደርስ መውረዱን ያቆማል። ከዚያ ወደ ጎን ይሄዳል። ገደሉ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ዳገት ላይ ሦስት አራት ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው ካያችሁ ያ መስመር የሁለት ፍሰቶች መገናኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የአካባቢው ገበሬ ያውቀዋል። በጋ የማይደርቀው የትኛው እንደሆነ፣ ክረምት ብቻ የሚፈሰው የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። አንድ ጥናት ሲጀመር የመጀመሪያውን ሳምንት መሰርሰሪያ ከማምጣት ይልቅ ምንጮቹን በጂፒኤስ እየመዘገቡ መዞር ያዋጣል። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ከግድቡ በታች ያለ ምንጭ ነገ ውሃው የሚያመልጥበትን መንገድ ዛሬ ያሳያል።

እዚህ ላይ የጎጃም አንድ ልዩ ነገር አለ። ጀዴብ፣ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉም ከቾቄ ተነስተው ወደ ውጭ ይወርዳሉ። ላቫውም የፈሰሰው ከዚያው ከመሃል ወደ ውጭ ነው። እናም በተራራው ጎን ላይ ንብርብሮቹ በትንሹ የሚያዘነብሉት ወንዙ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ነው። ለግድብ ይህ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ከሐይቁ ሥር የገባ ውሃ ንብርብሩን ተከትሎ ከግድቡ በታች ለመውጣት ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ግድቡንም ወደ ታች የሚገፋው የውሃ ኃይል ንብርብሩ በሚያዘነብልበት አቅጣጫ ነው የሚገፋው። በባሕር ዳርና በመራዊ በኩል ያለው ባዛልት ደግሞ በዕድሜ በጣም ወጣት ነው፤ ቀዳዳውም ብዙ ነው። ባሕር ዳር ለረጅም ዓመታት የጠጣችው ከእንዲህ ያለ አለት የሚወጣ የምንጭ ውሃ ነው። ለከተማው ሲሳይ የሆነው አለት ውሃ ለማቆር ለሚፈልግ ሰው ግን ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ ቁፋሮው እንምጣ። 25 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ልንሠራ ነው እንበል። ቢያንስ የግድቡን ከፍታ ያህል ወደ ታች እንሰረስራለን። ጥሩ አለት እስክናገኝም እንቀጥላለን። ናሙናው ከሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ይመጣል። ሁሉም ሰው ቆንጆውን ጥቁር ድንጋይ ያያል። ፎቶ ያነሳል። ሪፖርቱም «ጠንካራ ባዛልት» ይላል።

እኔ ግን የምጠይቀው ያልመጣውን ነው። ሰርሳሪው 1.5 ሜትር ሰርስሮ ያወጣው ናሙና 1.1 ሜትር ብቻ ከሆነ 40 ሳንቲ ሜትር የት ገባ? መሰርሰሪያውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ለስላሳውን ነገር አጥቦ ወስዶታል። ቀዩ ንብርብር በሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ባዶ ቦታ ሆኖ። አንዳንዱ ሰው ያን ባዶ ቦታ ናሙናውን ገፋ ገፋ አድርጎ ይሸፍነዋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ባዶው ቦታ በእንጨት ቁራጭ ተሞልቶ ጥልቀቱ ሊጻፍበት ይገባል። ሰርሳሪውንም ጠይቁት። «እዚህ ጋ ውሃው ጠፋብኝ» ካላችሁ፣ ማለትም ወደ ታች የላከው ውሃ ተመልሶ ካልወጣ፣ ያ ቃል ከናሙናው እኩል ዋጋ አለው። በወረቀት ላይ ይስፈር።

ከዚያ የሉጆን ሙከራ ይመጣል። በጉድጓዱ ውስጥ አንድ ክፍል ከላይና ከታች በጎማ ይዘጋል። በግፊት ውሃ ይላካል። አለቱ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደጠጣ ይለካል። በ10 ባር ግፊት በአንድ ሜትር ርዝመት በደቂቃ 1 ሊትር ከጠጣ 1 ሉጆን ይባላል። ግፊቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርገን እንደገና ዝቅ እናደርጋለን። መመለሱ ትርፍ ሥራ አይደለም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ከ30 እስከ 35 ሜትር ጥልቀት ያለ 5 ሜትር ክፍል እንፈትን። በ2 ባር በደቂቃ 6 ሊትር ጠጣ። በ4 ባር 12 ሊትር። በ6 ባር 30 ሊትር። ስንመለስ በ4 ባር 26 ሊትር፣ በ2 ባር 14 ሊትር። ወደ ሉጆን ስንቀይረው በቅደም ተከተል 6፣ 6፣ 10፣ 13፣ 14 ይሆናል።

አማካዩን ካወጣን 10 ገደማ ነው። «መካከለኛ፣ በሲሚንቶ ይደፈናል» ብለን ማለፍ እንችላለን። ግን ተከታተሉት። መጀመሪያ በ2 ባር 6 ሉጆን ነበር። በዚያው 2 ባር ስንመለስ 14 ሆነ። ግፊቱ ያው ነው፤ አለቱ ግን ተቀይሯል። በስንጥቁ ውስጥ የነበረው ሸክላ ታጥቦ ወጥቷል ማለት ነው። እኛ ይህን ያደረግነው በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። ሐይቁ ደግሞ ለሃምሳ ዓመት ሌትና ቀን ይገፋል። ስለዚህ አማካዩን የሚሰጥ ሪፖርት ካመጡላችሁ አምስቱንም ቁጥር ጠይቁ።

ሙከራው ወሰን አለው። የተሰባበረው የፍሰት አናት ላይ ስንደርስ ፓምፑ ግፊት መያዝ ያቅተዋል። ያንን «አልተሳካም» ብሎ መዝለል አይገባም። አለቱ ያለ ግፊት ውሃውን ጠጣው ማለት ነው። እዚያ ላይ በሌላ መንገድ፣ ውሃ እያፈሰሱ የመውረጃውን ፍጥነት በመለካት፣ ማስላት ያስፈልጋል።

ምን ያህል ይፈስሳል የሚለውንም በቀላሉ መገመት ይቻላል። ከግድቡ ሥር የተሰባበረው ንብርብር 2 ሜትር ውፍረትና 200 ሜትር ስፋት አለው እንበል። የውሃው ከፍታ ልዩነት 20 ሜትር፣ የሚጓዝበት ርቀት 100 ሜትር ነው። ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በሰከንድ 0.0001 ሜትር ከሆነ የሚያመልጠው በሰከንድ 8 ሊትር ነው። በዓመት 250 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ለሚይዝ ሐይቅ ይህ ያማል እንጂ አይገድልም። አቅሙ አሥር እጥፍ ከሆነ ግን በሰከንድ 80 ሊትር፣ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ይሆናል። መስኖው ቀረ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በሬድ አሽ ዓይነት አለት ላይ አሥር እጥፍ መሳሳት በጣም ቀላል ነው። ሁለት ጉድጓድ ብቻ ተቆፍሮ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ውሃ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው። ውሃው አፈር ይዞ መውጣት ሲጀምር ግን ጉዳዩ የሕይወት ነው። ለዚህ ከቲተን ግድብ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ቲተን አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የነበረ 93 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነው። ያረፈውም እንደ እኛው ከእሳተ ገሞራ በመጣ፣ ስንጥቁ በበዛ አለት ላይ ነበር። መሐንዲሶቹ ስንጥቁን ያውቁ ነበር። ጥልቅ ቦይ ቆፍረው፣ ከሥሩ የሲሚንቶ መጋረጃ ሠርተው ነበር። ችግሩ ቦዩን የሞሉበት አፈር ነው። ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር ስለነበር በውሃ በቀላሉ ይሸረሸራል። ከአለቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ ደግሞ ስንጥቆቹ በደንብ አልተደፈኑም። አፈሩ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ የሚያግድ ማጣሪያም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ፣ ጁን መጀመሪያ ላይ ከግድቡ በታች ንጹሕ ውሃ የሚያወጡ ትናንሽ ምንጮች ታዩ። ጁን 5 ቀን ጠዋት በቀኝ ጎኑ በኩል ደፍራሽ ውሃ ወጣ። ቡልዶዘር ልከው ቀዳዳውን ለመድፈን ሞከሩ። ቡልዶዘሮቹም ገቡበት። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ተደረመሰ። 11 ሰዎች ሞቱ። ደፍራሽ ውሃ ከታየበት እስከ ውድቀቱ ያለው ጊዜ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር።

ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሲሚንቶ በግፊት ወደ ስንጥቁ ማስገባት ብቻውን አይበቃም። ተራ ሲሚንቶ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ በጠበበ ስንጥቅ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ሸክላ የሞላው ስንጥቅ ደግሞ ሲሚንቶውን አያስገባም። ሸክላው ነገ ሲታጠብ ባዶው ይቀራል። ስለዚህ ቀዩ ንብርብር ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ከሆነ ምርጡ መፍትሔ ቆፍሮ ማውጣት ነው። በመሠረቱ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ስንጥቅ በእጅ ጠርጎ፣ በውሃና በአየር አጥቦ፣ በሲሚንቶ መሙላት ይከተላል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ተቋራጩም ይቸኩላል። ተቆጣጣሪው ግን ከዚያ ቦታ መንቀሳቀስ የለበትም። ከግድቡ እምብርት በኋላ፣ ውሃው በሚወጣበት በኩል ደግሞ በመጠኑ የተመረጠ የአሸዋ ማጣሪያ ይኑር። ማጣሪያው ውሃውን አያቆምም፤ አፈሩን ነው የሚያቆመው። ንብርብሩ ጥልቅ ከሆነና ቆፍሮ ማውጣት ካልተቻለ ከሐይቁ ወለል ላይ በሸክላ ምንጣፍ የውሃውን መንገድ ማስረዘም ይቻላል። ዋልካን ለዚህ የሚመኙ አሉ። ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ እውነት ነው። ግን በጋ ሐይቁ ሲጎድል ይሰነጠቃል። እንዳይደርቅ ከላዩ በሌላ አፈር መሸፈን አለበት።

አሁን ቀዩን ንብርብር ከጎን እንየው፤ የሐይቁ ዳር ላይ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ አስቡ። ድንጋዩ ምንም ቢጠነክር ግንቡ የሚሄደው ጭቃው በሚሄድበት ነው። ባዛልት በባዛልት ላይ ለመንሸራተት 35 ዲግሪ ገደማ ቁልቁለት ይፈልጋል። የረጠበና ቀድሞ አንዴ የተንሸራተተ ሸክላ ግን 12 ዲግሪ ላይ ሊሄድ ይችላል።

ንብርብሩ ወደ ሐይቁ በ8 ዲግሪ ያዘነብላል እንበል። ሐይቁ ከመሙላቱ በፊት ለመንሸራተት ከሚገፋው ኃይል የሚይዘው ኃይል 1.5 እጥፍ ነው። ደህና ነው። ሐይቁ ሲሞላ ውሃ ወደ ንብርብሩ ይገባል። ከላይ ያለውን አለት ከሥር ያነሳዋል። የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ብቻ ካነሳለት 1.5 የነበረው ወደ 1 ይወርዳል። በቋፍ ላይ ነው። ዳገቱ ለሺህ ዓመታት ጸንቶ መቆየቱ እዚህ ዋስትና አይሆንም። ያኔ ሐይቅ አልነበረም።

ብዙ ሰው ዳገት የሚንሸራተተው ሐይቁ ሲሞላ ብቻ ይመስለዋል። የመስኖ ግድብ ላይ ግን ሌላ አደጋ አለ። ክረምት ሞልቶ የከረመው ውሃ ከጥር ጀምሮ ለእርሻ በፍጥነት ይለቀቃል። ሐይቁ ይጎድላል። በዳገቱ ውስጥ የገባው ውሃ ግን ቶሎ አይወጣም፤ ሸክላው ይይዘዋል። ዳገቱን ከፊት ይደግፈው የነበረ ውሃ ሄደ፣ ከውስጥ የሚገፋው ቀረ። ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ የሐይቁን ዳር መዞር ግድ ነው።

ይህ ነገር እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት ላይ ታይቷል። ግድቡ 260 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግድብ ነበር። ከሐይቁ በላይ ያለው ተራራ ከኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል ግን ስስ ሸክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ተራራው ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ ታየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐይቁን ከፍ ዝቅ እያደረጉ እንቅስቃሴውን ለመግራት ሞከሩ። በኦክቶበር 9 ቀን 1963 ሌሊት ከ260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አለት በአንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ወረደ። ውሃው ግድቡን ዘሎ ወደ ሸለቆው ፈሰሰ። ወደ 2,000 ሰው አለቀ። ግድቡ ግን ዛሬም ቆሟል። መሐንዲሱ በግድቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው በተራራው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ተራራው ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ግድቡ ተሠርቶ ካለቀስ? ያኔ ሥራው የእናንተ የወረዳዎቹ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከግድቡ በታች የሚወጣውን ውሃ ሁሉ ወደ አንድ ቦይ ሰብስቡ። ቦዩ ላይ ከአናቱ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተቆረጠ የብረት ላሜራ ትከሉ። የቁርጡ ማዕዘን 90 ዲግሪ ከሆነ፣ ውሃው ከቁርጡ የታችኛው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል በሰከንድ 4.4 ሊትር ገደማ ያልፋል። 15 ሲሆን 12 ሊትር ይሆናል። በየሳምንቱ በማስመሪያ ለክቶ ከሐይቁ ከፍታ ጎን መጻፍ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ፍሰቱ ቢጨምር ይጠበቃል። ሐይቁ ባለበት ቆሞ ወይም እየጎደለ ፍሰቱ ከጨመረ ግን አንድ ነገር ከውስጥ እየታጠበ ነው። ውሃውን በየጊዜው በመስታወት ብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት። ከሥሩ ደለል ከዘቀጠ ለማንም ደብዳቤ ሳትጽፉ በስልክ ደውሉ፤ ሐይቁንም ማጉደል ጀምሩ።

በመጨረሻ አንድ ወጣት የጠየቀኝን ላንሳ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለ ባዛልቱን ትተን ለምን ወደ ታች፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አንወርድም?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ከእሱ በታች ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ከዚያም አሸዋ ድንጋይ ትገናኛላችሁ። መንገዱ ራሱ በመንሸራተት ስንት ጊዜ እንደተጎዳ የምታውቁት ነው። ጀሶ ደግሞ ከቀይ ሸክላ የተለየ ጠባይ አለው። አይታጠብም፤ ይሟሟል። አንድ ሊትር ውሃ 2.4 ግራም ገደማ ጀሶ ያሟሟል። ውሃው እየሄደ እስከሆነ ድረስ ማሟሟቱ አይቆምም። አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ኩዌል ክሪክ የሚባል የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጀመሪያው ቀን ላይ የተደረመሰው መሠረቱ ውስጥ ጀሶ ያለበት አለት ስለነበረና ውሃው በእሱ መንገድ ስላገኘ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የመለስኩለት እንዲህ ነው። እዚያም ግድብ ሊሠራ ይችላል፤ ጀሶው ከመሠረቱ ምን ያህል እንደሚርቅና ውሃው ወደ እሱ የሚሄድበት መንገድ እንዳለ ቀድሞ ከታወቀ። ለዚያ ደግሞ ከምንጮቹ ላይ የውሃ ናሙና ወስዶ ሰልፌቱን መለካት ጥሩ ጅማሬ ነው። ሰልፌቱ ከፍ ካለ ውሃው አሁንም በጀሶ ውስጥ እያለፈ መሆኑን መጠርጠር አለብን። ወጣቱ ሰኞ ጠርሙስ ይዞ እንደሚወርድ ነግሮኛል። እኔም ሁለት ሁለት ጠርሙስ ከየምንጩ እንዲወስድ፣ ቀኑንና ከፍታውንም በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።